ቅዳሜ ሹር ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ እንዘጋለን

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣ ጤና ይስጥልን።

የፋሲካ ዋዜማ ቅዳሜ ሚያዝያ 3 ቀን 2018 ዓ.ም. የቅቤና የቅመም ሱቃችን ከጠዋቱ 12:30 ተከፍቶ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ይዘጋል። የበርበሬ ወፍጮው ግን ከዚያ ቀድሞ በ5 ሰዓት ይቆማል። ዓርብ ስቅለት ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ዝግ ነን፤ ስለዚህ ዋናው የመገብያ ቀናችሁ ጸሎተ ሐሙስ ይሁን፤ ሐሙስ እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ክፍት ነን።

ወፍጮው ለምን ቀድሞ ይቆማል? በርበሬ ከወፍጮ ሲወጣ ትኩስ ነው። ተሰጥቶ ሳይበርድ በፌስታል ከታሰረ ያልበዋል፤ ይጓጉላል፤ ሽታውም ይቀየራል። ለማብረድ ደግሞ ጊዜ ያስፈልጋል። በመጨረሻው ሰዓት ፈጭተን በትኩሱ ብናስረክባችሁ ለዶሮው የደከማችሁበትን በርበሬ ማበላሸት ይሆንብናል። የምታስፈጩትን ፀሐይ አስመትታችሁ፣ በእጅ ሲሰበር ቀጭ የሚል አድርጋችሁ አምጡልን። እርጥበት ያለው በርበሬ ወፍጮውን ይደፍነዋል፤ ከኋላ የተሰለፈውም ሰው ይጉላላል። መብራት ከጠፋም ወረፋው ስለሚገፋ ሐሙስ ማስፈጨቱ ይሻላል።

ቅቤ የምትፈልጉ እስከ ረቡዕ ማታ በተለመደው ስልካችን ደውላችሁ ለጋ፣ መካከለኛ ወይም በሳል መሆኑንና ስንት ኪሎ እንደሆነ ንገሩን። ስማችሁን ጽፈን እናስቀምጥላችኋለን። የምታነጥሩት ከሆነ ውኃውና አሬራው ስለሚወጣ ከምትፈልጉት የተነጠረ ቅቤ ትንሽ አስበልጣችሁ እዘዙ። ስትመጡ ክዳን ያለው ደረቅ ዕቃ ያዙ። በሚያዝያ የባሕር ዳር ሙቀት በፌስታል የተያዘ ለጋ ቅቤ ባጃጅ ውስጥ ሳለ ይቀልጣል፤ ውኃ የነካው ዕቃም ቅቤውን ያሻግተዋል። የታዘዘ ቅቤ ቅዳሜ እስከ 7 ሰዓት ይጠብቃችኋል፤ ራሳችሁ መምጣት ካልቻላችሁ የምትልኩትን ሰው ስም አስቀድማችሁ አስመዝግቡ።

የመዝጊያውን ሰዓት የወሰነው ሌላው ነገር የሠራተኞቻችን መንገድ ነው። አንዳንዶቹ ቤተሰባቸው አዴትና ዳንግላ ነው። በዋዜማ መናኸሪያው ይጨናነቃል፤ ከሰዓት እየገፋ ሲሄድ መኪና ማግኘት ይከብዳል። ጾሙን ሙሉ ሲያስተናግዷችሁ የከረሙ ልጆች ናቸውና ሌሊቱን መናኸሪያ ማደር የለባቸውም። ከተማ ውስጥ ያሉትም ለሌሊቱ ቅዳሴ ከመሄዳቸው በፊት ትንሽ ይረፉ።

ስለዚህ 8 ሰዓት ያልነው 8 ሰዓት ነው። ሚዛኑ ሊታጠብ ከተነሣ በኋላ በር ብታንኳኩ ልንመዝንላችሁ አንችልም፤ እባካችሁ አትቀየሙን።

በቴሌብር የምትከፍሉ ቅዳሜ ኔትወርክ ሊያስቸግር ስለሚችል ጥቂት ጥሬ ብር ያዙ፤ ዝርዝር ቢሆን ደግሞ ሰልፉ ይፈጥናል።

እሑድና ሰኞ ዝግ ነን። ማክሰኞ ሚያዝያ 6 ከጠዋቱ 2:30 ጀምሮ በተለመደው ሰዓት እንገናኝ።

ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም ያድርሰን።

የሱቁ ባለቤት
ባሕር ዳር