ጉዳዩ፦ በተዘጋው የሥራ አካውንቴ ውስጥ የቀሩ የግል ፋይሎቼን ስለመጠየቅ

አዲስ አበባ፣ ሐምሌ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሰላም አቶ ዳዊት፣

እንዴት ሰነበቱ? የአይቲ ክፍል ልጆችስ ደህና ናቸው? ሄለን ነኝ፣ ከፋይናንስ። እንደሚያውቁት ሰኔ 30 ሥራ ለቅቄያለሁ። ክሊራንስ ጨርሼ ላፕቶፑንም አስረክቤያለሁ።

የሥራ ጂሜይሌ በማግስቱ ተዘግቷል። መዘጋቱ ተገቢ ነው፤ ይከፈትልኝ አልልም። የምለምንዎት ድራይቩ ውስጥ የቀሩትን የግል ፋይሎቼን አውርደው እንዲሰጡኝ ብቻ ነው። My Drive ውስጥ «የግል» የሚል ፎልደር አለ፤ ሁሉም እዚያ ናቸው።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ የአባቴ ፎቶዎች ናቸው። ለአርባው እንዲሆን ከዘመድ አዝማድ ሰብስቤ፣ በአለቃዬ ፈቃድ በቢሮው ስካነር ያስገባኋቸው ናቸው። ዋናዎቹ ደብረ ብርሃንም ደሴም ላሉ ባለቤቶቻቸው ተመልሰዋል። አንዳንዶቹን አሁን ማን ጋ እንዳሉ እንኳ ማግኘት ይከብደኛል። እናቴም «አሳትመሽ አምጪልኝ» እያለችኝ ነው። ሌላ ምንም ባይሆን እነዚህን ባገኝ ትልቅ ውለታ ነው።

ከእነሱ ጋር የዲግሪዬና የልጄ የልደት ሰርተፊኬት ስካን አሉ። ዋናዎቹ በእጄ ስላሉ አያስጨንቁም። አንድ ኢሜይል ግን እፈልጋለሁ፦ በሰኔ ወር ከዩኒቨርሲቲ የመጣልኝ የማስተርስ መቀበያ ደብዳቤ። ኢንቦክሱ ውስጥ «የግል» የሚል ሌብል አድርጌበታለሁ። ወደዚህ ወደ ግል አድራሻዬ ፎርዋርድ ቢያደርጉልኝ ይበቃኛል።

ፋይሎቹን ከመስጠትዎ በፊት አንድ በአንድ ከፍተው ይዩዋቸው። የድርጅቱ የሆነ ነገር ከተገኘ እዚያው ይቅር። ፈቃድ እንደሚያስፈልግዎትም ስለምገምት ለሰው ሀብት ኃላፊዋ ኮፒ አድርጌያለሁ። የምሞላው ፎርም ካለ መጥቼ እሞላለሁ።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ። አካውንቱ ታግዶ እስካለ ድረስ ፋይሎቹ አይጠፉም። ከተሰረዘ ግን መመለስ የሚቻለው በ20 ቀን ውስጥ ብቻ መሆኑን ከእኔ በላይ እርስዎ ያውቁታል። ስለዚህ ፋይሎቹ እስኪወጡ እንዳይሰረዝ ቢያዙልኝ። አሁን የዓመት መዝጊያ ሥራ የሚበዛበት ጊዜ ስለሆነ ዛሬውኑ ይሁን አልልም፤ እንዳይሰረዝ ብቻ ከተያዘልኝ፣ ሲመችዎት ይሁን።

አዲሱ ሥራዬ ለገሃር ነው፤ ሜክሲኮ ለመድረስ ብዙም አይርቀኝም። አዲስ ፍላሽ ገዝቼ በማንኛውም ቀን በምሳ ሰዓት፣ ከ6፡30 በኋላ፣ መምጣት እችላለሁ። ላይ መውጣት ካልተፈቀደልኝ እንግዳ መቀበያው ጋ እጠብቃለሁ። በድርጅቱ አሠራር ጨርሶ የማይቻል ከሆነም ይንገሩኝ፤ ፎቶዎቹን እንደገና ከዘመድ ማሰባሰብ እንድጀምር።

መልስዎን በዚሁ ኢሜይል ይላኩልኝ። መደወል ከቀለለዎት ስልኬ ክሊራንሱ ላይ አለ።

ስለ ትብብርዎ ከልብ አመሰግናለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ሄለን
የቀድሞ የፋይናንስ ክፍል ሠራተኛ

ግልባጭ፦ ለሰው ሀብት ኃላፊ