ማብራሪያ ያላቸው ዋቢ ጽሑፎች፦ የውጫሌ ውል አንቀጽ 17

ሩበንሰን፣ ስቬን (እ.ኤ.አ. 1964)። «የውጫሌ ውል የጥበቃ አንቀጽ»። ጆርናል ኦፍ አፍሪካን ሂስትሪ፣ ቅጽ 5፣ ቁጥር 2፣ ገጽ 243–283።
የጥናቴ ምሰሶ ይህ ነው። የአማርኛውንና የጣሊያንኛውን ቅጂ ጎን ለጎን ያነባል። በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር ሲጻጻፉ በጣሊያን መንግሥት አጋዥነት መጠቀም «ይቻላቸዋል»፤ በጣሊያንኛው ግን በዚያ ለመጠቀም ይስማማሉ። ጣሊያን ኢትዮጵያ በጥበቃዬ ሥር ናት ያለችው በዚህች አንዲት ግሥ ተንተርሳ ነው። ምዕራፍ ሁለትን የምገነባው በዚህ ንባብ ላይ ነው፤ ቃል በቃል ማመሳከሩን የሚተካ ነገር አላገኘሁም።

ጂሊዮ፣ ካርሎ (እ.ኤ.አ. 1965)። «የኡቻሊ ውል አንቀጽ 17»። ጆርናል ኦፍ አፍሪካን ሂስትሪ፣ ቅጽ 6፣ ቁጥር 2፣ ገጽ 221–231።
ለሩበንሰን የተሰጠ መልስ ነው። ድምዳሜው ባያሳምነኝም ሁለቱን አከታትዬ እጠቅሳለሁ፤ ሙግቱን ሳያሳዩ አንዱን ወገን ብቻ መጥቀስ አንባቢን መበደል ነው።

ገብረ ሥላሴ፣ ጸሐፌ ትእዛዝ (1959 ዓ.ም.)። ታሪክ ዘመን ዘዳግማዊ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ። አዲስ አበባ፦ አርቲስቲክ ማተሚያ ቤት።
የቤተ መንግሥት ዜና መዋዕል ነው፤ ለንጉሡ ያደላል። የዘመኑን አማርኛ ለዛ ለመረዳት ግን ተወዳዳሪ የለውም።