ናሙናው ውስጥ ያልገባው ማን ነው?

የዛሬውን ትምህርት በአንድ ምሳሌ እንሂድበት። ጅማ ውስጥ 1,800 ቤተሰብ የሚኖርበት ቀበሌ አለ እንበል። ቤተሰቡ ለውሃ በወር ስንት እንደሚያወጣ ማወቅ ፈልገናል፤ አቅማችን ግን 120 ቤት ብቻ ነው።

መጀመሪያ ዝርዝር ያስፈልጋል፤ ከቀበሌው ወይም ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ጠይቁ። ከዝርዝሩ 120ውን በእጣ ካወጣችሁ ቀላል የእጣ ናሙና ሆነ። ስልታዊውም አለ፦ 1,800 ለ120 ሲካፈል 15 ነው፣ ከ1 እስከ 15 አንድ ቁጥር በእጣ ታወጣላችሁ፣ 7 ከደረሳችሁ 7ኛው፣ 22ኛው፣ 37ኛው እያላችሁ ትሄዳላችሁ። ኮንዶሚኒየም ላይ ግን ተጠንቀቁ። በየፎቁ 5 ቤት ካለና በተራ ከተመዘገበ፣ በ15 ስትዘሉ ሁሌም እዚያው አቅጣጫ ያለው ቤት ላይ ነው የምታርፉት።

የአስፋልት ዳርና የውስጥ ሰፈር ኑሮ ከተለያየ ለየብቻ ከፍላችሁ ከሁለቱም እጣ አውጡ። ጥናቱ ጅማ ዞንን በሙሉ ካካተተ ደግሞ የሁሉንም ቤት ዝርዝር ማዘጋጀት አይቻልም፤ መጀመሪያ የቆጠራ ቦታዎችን፣ ማለትም ለሕዝብ ቆጠራ የተከለሉ ትንንሽ አካባቢዎችን፣ ቀጥሎ ከተመረጡት ውስጥ ቤቶችን ትመርጣላችሁ። የ2016 (እ.ኤ.አ.) የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት የተሠራው እንዲህ ነው፤ 645 የቆጠራ ቦታዎች ተመርጠው ከየቦታው 28 ቤተሰብ ተወሰደ። መናኸሪያ ቆሞ ያገኙትን ሰው መጠየቅ ግን ቀላል ቢሆንም ስለ ቀበሌው የሚነግረን ነገር የለም።

አሁን ብዙ ጥናት የሚበላሽበት ቦታ ላይ ደርሰናል። ዝርዝሩ ላይ የግቢው ባለቤት ብቻ ነው የተጻፈው፣ ከኋላ ሰርቪስ ቤት የተከራዩት ግን የሉበትም እንበል። ከቀበሌው ሩብ ያህሉ ተከራይ ቢሆን፣ ባለቤቶቹ ለውሃ 200 ብር፣ በጄሪካን የሚገዙት ተከራዮች 400 ብር ቢያወጡ፣ እውነተኛው አማካይ 250 ነው። የኛ ጥናት ግን 200 ይላል። ናሙናውን 1,200 አድርጉት፤ አሁንም 200 ነው! ናሙና ሲበዛ የእጣው መዋዠቅ ይቀንሳል፣ ዝርዝሩ የዘለለውን ሰው ግን አያመጣም። ይህን እባካችሁ ያዙልኝ፣ በዚህ ቁጥር ውሃ ቢታቀድ የሚጎዳው ያልጠየቅነው ተከራይ ነውና።

ዝርዝሩ ሙሉ ሆኖም መስክ ላይ ይዛባል። ቡና ለቀማ ወቅት በቀን ጎማ ወይም ማና ወረዳ ብትሄዱ ቤት የምታገኙት ሽማግሌና ሕፃን ነው። ጠያቂው ደክሞት ዝግ ቤቱን በጎረቤት ሲተካ ደግሞ ናሙናው ቤት የሚውሉ ሰዎች ስብስብ ይሆናል፤ የእነሱ የውሃ አጠቃቀም ደግሞ ቀን ሙሉ ከማይገኙት ጋር አንድ ላይሆን ይችላል።

ስለዚህ ለመስክ ሥራችሁ ደንቡ ይኸው፦ ግቢ ስትገቡ «ከኋላ ሌላ የሚኖር ሰው አለ?» ብላችሁ ጠይቁና ዝርዝሩን አሟሉ፣ እጣው ከዚያ በኋላ ይወጣል። ዝግ ቤት ካጋጠማችሁ ሌላ ቀን፣ በሌላ ሰዓት፣ ቢያንስ ሁለቴ ተመለሱ። ካልተገኘም ጎረቤት አትተኩ፤ «አልተገኘም» ብላችሁ መዝግቡና ቁጥሩን ሪፖርቱ ላይ ጻፉት።