ከረጅም የሕመም ፈቃድ በኋላ ወደ ሥራ ስለመመለስ

ሐዋሳ፣ የካቲት 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለሰው ሀብት አስተዳደር ክፍል ኃላፊ

ጉዳዩ፦ በሂደት የሚጨምር የሥራ ሰዓት፣ የሥራ ሁኔታ ማስተካከያና የሕክምና መረጃዬ በምስጢር እንዲያዝ ስለመጠየቅ

ከጥቅምት 10 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ በሕመም ፈቃድ ላይ ቆይቻለሁ። ሐኪሜ ሥራ መጀመር እንደምችል የጻፈልኝን ማስረጃ በታሸገ ፖስታ አያይዤ፣ ሰኞ መጋቢት 7 ለመግባት ዝግጁ መሆኔን አሳውቃለሁ። በጥራት ቁጥጥር ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ፤ ሥራዬን እወዳለሁ። ስለዚህም ተቻኩዬ ገብቼ ዳግም ከምተኛ፣ ቀስ ብዬ ገብቼ መቆየትን መርጫለሁ።

በሐኪሜ ምክር መሠረት የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ከሰኞ እስከ ዓርብ ከጠዋቱ 2፡00 እስከ 6፡00፣ ቀጣዮቹን ሁለት ሳምንታት በቀን ስድስት ሰዓት እንድሠራ እጠይቃለሁ። ከፋሲካ ማግስት፣ ሰኞ ሚያዝያ 5፣ ቅዳሜን ጨምሮ ወደ ሙሉ ሰዓቴ እመለሳለሁ። ከዚያ በፊት የሐኪም ቀጠሮ ስላለኝ የሚለወጥ ነገር ካለ ወዲያው አሳውቃለሁ። በእነዚህ አራት ሳምንታት የሠራሁበት ሰዓት ታስቦ እንዲከፈለኝ፣ ስሌቱም በጽሑፍ እንዲደርሰኝ እፈልጋለሁ። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የመጀመሪያው ወር ሙሉ፣ ተከታዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ ደመወዝ ተከፍሎኛል፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ጊዜ ያለ ክፍያ በመሆኑ ጉዳዩ ለቤቴ ቀላል አይደለም።

የሰርቪስ አውቶቡሱ የሚነሳው ፈረቃው ሲያልቅ ነው፤ እኔ ቀድሜ ስለምወጣ በየቀኑ በር ላይ እንዳልጠየቅ የአራት ሳምንት የመውጫ ፈቃድ ቢሰጠኝ በባጃጅ እመለሳለሁ።

በመፈተሻ ጠረጴዛዬ ላይ መደገፊያ ያለው ወንበር እፈልጋለሁ፤ እስካሁን ቆመን ነው የምንፈትሸው። በየሰዓቱ ተነስቼ ጥቂት ደቂቃ መንቀሳቀስ አለብኝ። ከ5 ኪሎ በላይ ማንሳት ስለተከለከልኩ የተፈተሸውን ልብስ በካርቶን ወደ ማሸጊያ የሚያደርስ ሰው ይመደብልኝ። የሌሊት ፈረቃና ትርፍ ሰዓት ለሦስት ወር አልችልም።

የመጨረሻው ጥያቄዬ ከሁሉም በላይ ያሳስበኛል። ባልደረቦቼ ቤቴ ድረስ መጥተው ጠይቀውኛል፤ ውለታቸውን አልረሳም። ሆኖም የሕመሜን ስም ለማንና መቼ እንደምናገር የምወስነው እኔ ነኝ። ማስረጃው በእርስዎ እጅ ብቻ ተቆልፎ እንዲቀመጥ፣ ለመስመር ኃላፊዬም የሥራ ሰዓቴና ማድረግ የማልችለው ነገር ብቻ በአንድ ማስታወሻ እንዲነገራቸው እጠይቃለሁ። ምን ሆና ነው ብሎ ለሚጠይቅ ሰው «የሕመም ፈቃዷን ጨርሳ ተመልሳለች» የሚለው መልስ ይበቃል።

በዝርዝሩ ለመነጋገር ከመጋቢት 7 በፊት በሚመችዎት ቀን ቢሮዎ እመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር

ሰላማዊት
የጥራት ተቆጣጣሪ

ግልባጭ፦ ለማንም አልተደረገም