የባጃጇ ዲፕሪሲዬሽን ለምን 32,000 መጣ?

መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። የማታ ክፍል ተማሪዎ ነኝ። ከስትሬት ላይን መልመጃው አንዱ ጥያቄ አላራምድ ብሎኛል።

ጥያቄው ይህ ነው፦ ሐዋሳ ላይ ከፒያሳ አሞራ ገደል የምትሠራ ባጃጅ ሐምሌ 1 ቀን 2016 በ460,000 ብር ተገዛች። የአገልግሎት ዘመኗ 5 ዓመት፣ ሳልቬጅ ቫልዩዋ 60,000 ብር ነው። የዓመቱ ዲፕሪሲዬሽን ስንት ነው?

እኔ የሠራሁት፦

460,000 ÷ 5 = 92,000
92,000 − 60,000 = 32,000

መልሱ ግን 80,000 ይላል። እኔም አካፍያለሁ፣ ቀንሻለሁ። ቁጥሮቹም እነዚያው ናቸው።

ከዚያ 32,000ውን ይዤ እስከ 5ኛው ዓመት ሄድኩ። ጠቅላላው 160,000 ብቻ ነው። ስለዚህ ቡክ ቫልዩዋ 300,000 ላይ ይቀራል። አምስት ዓመት ሙሉ ኮብልስቶን ላይ ስትንገጫገጭ የኖረች ባጃጅ እንዴት መዝገብ ላይ 300,000 ታወጣለች? 60,000 ላይ መድረስ ነበረባት። ልዩነቱ 240,000 ነው፤ ይህ ደግሞ ልክ 60,000 ሲባዛ በ4 ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር የገባኝ መሰለኝ። ካካፈልኩ በኋላ የምቀንሰው ከአንድ ዓመት ድርሻ ላይ ነው። ስለዚህ በየዓመቱ 60,000 እየቀነስኩ ነው፤ በ5 ዓመት 5 ጊዜ። ባጃጇ ግን የምትሸጠው አንዴ ነው። መጀመሪያ ብቀንስ (460,000 − 60,000) ÷ 5 = 80,000 ይሆናል፤ መጨረሻዋም 60,000 ላይ ያርፋል። ምክንያቱ ይሄ ነው? ወይስ ቁጥሩ ስለገጠመልኝ ብቻ ነው እንዲህ ያልኩት?

ይህን የምጠይቀው በደብል ዲክላይኒንግ መጀመሪያ ላይ ሳልቬጅ ቫልዩ አይቀነስም ስላሉን ነው። እሱንም በዚችው ባጃጅ ሞከርኩት። በ40 ፐርሰንት የመጀመሪያው ዓመት 184,000 ነው፤ ከ460,000ው በቀጥታ። በ4ኛው ዓመት 39,744 ይመጣል፤ ግን ቡክ ቫልዩው ከ60,000 እንዳይወርድ 39,360 ላይ አቆምኩት። 5ኛው ዓመት ባዶ ነው። እዚያ 60,000 ወለል ሆኖ መጨረሻ ላይ ይጠብቀናል። እዚህ ግን ገና ከመነሻው ይወጣል። ሁለቱን ያደባለቅኩት እዚህ ጋ ይመስለኛል፤ ልዩነቱን በደንብ ቢያስረዱኝ ደስ ይለኛል።

ሌላም አለ። በአሳይመንቱ የሰኔ 30 ቀን 2017 ማስተካከያ ላይ 32,000ውን ጽፌ ወጪዬን ዘግቻለሁ። ትርፉ በ48,000 በዝቷል ማለት ነው። ሂሳቡ ከተዘጋ በኋላ ስህተቱ ቢገኝ፣ 48,000ውን በ2018 የዲፕሪሲዬሽን ወጪ ላይ ልጨምር? ወይስ በቀጥታ ካፒታል ዴቢት፣ አኩሙሌትድ ዲፕሪሲዬሽን ክሬዲት ብዬ ላስተካክል?