ስድስት ዓመት ከሁለት ወር

ሄለን የኪራይ ደረሰኙን ገልብጣ ጀርባው ላይ መጻፍ ጀመረች። ሌላ ወረቀት ጠፍቶ አይደለም። የራሳቸውን ቤት በኪራይ ደረሰኝ ጀርባ ላይ ማስላት ደስ ስላላት ነው።

"ቤቱ 1,200,000" አለች። "ባንኩ ሰማንያ በመቶውን ቢያበድረን ሃያ በመቶው ከእኛ ነው። ቅድመ ክፍያው 240,000 መጣ።"

ዳዊት የስልኩን ካልኩሌተር ከፍቶ ተጠጋት። "በእጃችን ያለውስ?"

"18,000።"

ዳዊት ጉሮሮውን ጠረገ። ሄለን ልብ አላለችም። እናንተ ግን ልብ በሉ።

"ቀሪ 222,000። በወር 3,000 እናስቀምጣለን፣ በዓመት 36,000። አካፍልልኝ እስቲ።"

"6 ነጥብ 17 ገደማ።"

"ስድስት ዓመት ከሁለት ወር!" ቁጥሩን ሁለቴ አሰመረችበት። አሁን 27 ዓመቷ ነው። በ33 የራሷን ግድግዳ የፈለገችውን ቀለም ትቀባለች፣ ማንንም ሳታስፈቅድ ምስማር ትመታለች። የምስማሩ ነገር ከሁሉም በላይ ያጓጓት ነበር። የተከራየ ያውቀዋል።

"ቤቱ ግን ቆሞ ይጠብቀናል?" አለ ዳዊት።

"ቤት የት ይሄዳል?"

"ዋጋው ማለቴ ነው። በዓመት አምስት በመቶ ቢጨምርስ?"

"አምስት ምን አላት" አለች ሄለን። ደግሞም ትንሽ ነው የምትመስለው። ሁለት ዓምድ ሠራች፤ በአንዱ የሚፈለገው ቅድመ ክፍያ፣ በሌላው የቆጠቡት። ለቁጠባው የሚታሰበውን ወለድ ሆን ብለው ተዉት፣ የውልና የስም ማዛወሪያ ወጪ ይብላው ብለው።

ገና በመጀመሪያው ዓመት 240,000 የነበረው 252,000 ሆነ። ሄለን ብዕሯን አቆመች። 12,000 ማለት የአራት ወር ቁጠባ ነው። አሥራ ሁለት ወር ሙሉ ቆጥበው ወደ ቤቱ የተጠጉት የስምንት ወሩን ያህል ብቻ ነው።

"ቀጥል" አለችው፣ ድምጿ ቀዝቀዝ ብሎ።

በስድስተኛው ዓመት የሚፈለገው 321,600፣ ያላቸው 234,000። በስምንተኛው ዓመትም አልደረሱም። በአሥረኛው ለጥቂት ቀረ። በአሥራ አንደኛው ዓመት የሚፈለገው 410,500 ሲሆን እነሱ 414,000 ይዘዋል።

"አሥራ አንድ ዓመት" አለች። "38 ልሆን ነው። ቢሆንም ደርሰናል፣ 3,500 እንኳን ይተርፈናል።"

ዳዊት ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፋው።

"አይተርፈንም።"

"እንዴት?"

"18,000 አይደለም ያለን፣ 12,000 ነው። ለወንድሜ 6,000 አበድሬዋለሁ። ሁለት ወር ሆነው።"

ሄለን ቀና ብላ አየችው። ከዚያ ምንም ሳትናገር ዓይኗን ወደ ወረቀቱ መለሰች። እንዲህ ዝም ስትል ዳዊት ጩኸቷን ይመርጣል። 414,000 የሚለውን ሰርዛ 408,000 ብላ ጻፈች። 2,500 ጎደለ። ወደ አሥራ ሁለተኛው ዓመት ተሻገሩ።

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ቶሎ እመልሳለሁ ብሎኝ ነበር። ሳታውቂ ይመለሳል ብዬ…"

"ብሩ አይደለም እኮ የሚያናድደኝ። ዛሬ ባላሰላ መቼ ልትነግረኝ ነበር?"

መልስ አልነበረውም። ተነስቶ ውሃ ቀዳላት። አልጠጣችውም። ብርጭቆውን ግን ወረቀቱ እንዳይርስ ራቅ አድርጋ አስቀመጠችው፤ ዳዊት ከዚህች ትንሽ ነገር ተስፋ ቢጤ አገኘ። ቢያንስ ወረቀቱን አልቀደደችውም።

"በወር 4,000 ብናደርገውስ?" አለ ቀስ ብሎ።

ሄለን በጎኑ ሌላ ዓምድ አሰመረች። አሁን ካልኩሌተሩን ራሷ ይዛለች። በስድስተኛው ዓመት 300,000፣ አልበቃም። በሰባተኛው 348,000። የሚፈለገው 337,700።

"ሰባት ዓመት" አለች ለራሷ። ከአሥራ ሁለት ወደ ሰባት፣ በወር በ1,000 ብቻ! ቤቱን አንድ መኝታ ቀንሰው ባለ 900,000ውን ቢፈልጉም፣ 3,000 እየቆጠቡ በዚያው በሰባት ዓመት ይደርሳሉ። ወይ አንድ ክፍል፣ ወይ በየወሩ 1,000።

"ክፍሏን አልለቅም" አለች።

"እሺ፣ 1,000ውን ከየት እናምጣ?"

"500 ከእኔ። የማልሄድበት ጂም አለ፣ እሱን አቆማለሁ።" ወደ እሱ ዞረች። "500 ከአንተ። ከየት እንደምታመጣው እስከ ነገ አስብ።"

"እሺ።"

ከሁሉም በታች፣ በቀረችው ጠባብ ቦታ፣ የወንድሙን ስም ጻፈች። ከጎኑ 6,000። ከዚያ ስልኩን ከጠረጴዛው ላይ አንስታ ሰጠችው።

"ደውልለት። እዚሁ፣ እየሰማሁ።"