ለእሁድ ፕሮግራም የማቀርበው ምስክርነት፣ 3 ደቂቃ

ጌታ ይባረክ ቅዱሳን። የተሰጠኝ ሦስት ደቂቃ ስለሆነ አንድ ነገር ብቻ ነው የማወራው። አብዛኞቻችሁ የምታውቁኝ በር ላይ ነው፣ አስተናጋጅ ነኝ፣ ስትገቡ እንኳን ደህና መጣችሁ ብዬ እጃችሁን የምጨብጠው። ያን ሁሉ ጊዜ ታላቅ ወንድሜን ለአራት አመት ሰላም አላልኩትም።

አባታችን ካረፈ በኋላ ግቢው ውስጥ ያሉትን ሁለት ክፍሎች የማከራየው እኔ ነበርኩ፣ በወር 7 ሺህ ብር፣ እኩል ልንካፈል ነበር የተስማማነው። የልጄ የትምህርት ቤት ክፍያ ደረሰብኝና ለአንድ ወር ልጠቀምበት አልኩ፣ ከዛ ሁለት ወር ሆነ፣ ከዛ 22 ወር። ወንድም ጋሼ ሲጠይቀኝ እኔው ተቆጣሁ፣ ስልኩንም ብሎክ አደረኩት፣ ለዘመድ ደግሞ ገንዘብ አሳወረው እያልኩ አወራሁበት።

አሁን የምናገረው ይከብደኛል። ቤት ህብረታችን ውስጥ "የወንድሜ ልብ ደንድኗል" ብዬ የጸሎት ርዕስ አስይዤ እናንተም ጾማችሁ ጸለያችሁልኝ፣ ያለቀሳችሁም ነበራችሁ። የደነደነው የኔ ልብ ነበር። ውሸት ስላስጸለይኳችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ።

መስከረም ላይ አንድ እሁድ የመባ ከረጢት ይዤ እንደቆምኩ ማቴዎስ 5 ቁጥር 23 እና 24 ተነበበ፣ መባህን እዛው ተውና መጀመሪያ ሄደህ ከወንድምህ ታረቅ የሚለው። ስንቴ የሰማሁት ቃል ነው፣ የዛን ቀን ግን መባ የሚሰጠውን ሰው ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። ራዕይ አላየሁም፣ ድምፅ አልሰማሁም፣ በጣም አፈርኩ። እንደዛም ሆኖ ወዲያው አልሄድኩም፣ ሦስት ሳምንት ሰበብ ስፈልግ ከረምኩ፣ በመጨረሻ ባለቤቴ ናት ልብሴን አዘጋጅታ "ነገ ትሄዳለህ" ያለችኝ።

ከቃሊቲ መናኸሪያ አዳማ ሄድኩ። በሩን ሲከፍት አላቀፈኝም፣ ግን ግባ አለኝ። የወሰድኩትን በወረቀት ጽፌ ሄጄ ነበር፣ የሱ ድርሻ 77 ሺህ ብር፣ አነበብኩለትና በድዬሃለሁ አልኩት። ዝም አለ፣ በጣም ረጅም ዝምታ ነው። ከዛ ሚስቱን "ቡና አፍይለት፣ ከመንገድ መጥቶ ነው" አላት። እኔ ያንን ስሰማ መቆም አቃተኝ፣ እዛው አለቀስኩ።

ሁሉም ነገር ተስተካክሏል ብዬ አልነግራችሁም። እስካሁን 30 ሺህ ነው የከፈልኩት። ወንድሜ አንዳንዴ ስልክ ያነሳል፣ አንዳንዴ አያነሳም፣ አልፈርድበትም። ያወራሁበት ዘመድ ጋርም አንድ በአንድ እየደወልኩ ውሸቴን እያስተካከልኩ ነው፣ ሁለት ቀርተውኛል። ይሄን ያደረኩት ጎበዝ ስለሆንኩ አይደለም፣ አራት አመት ሙሉ ልቤን ዘግቼ ጌታ ግን ታግሶኝ ነው፣ ለሱ ምስጋና ይሁን።

ቀሪውን 47 ሺህ እስከ ፋሲካ ልጨርስ አስቤያለሁ፣ ለዛ ጸልዩልኝ፣ ለወንድሜም ጸልዩ፣ ልቡ እንዲለሰልስ ሳይሆን ያቆሰልኩት ቦታ እንዲሽርለት። ተባረኩ።